«በሽምግልና ይፈታል» የምትለው መስመር ያስከፈለችኝ

የአሉሚኒየም በርና መስኮት እሠራለሁ። በ2014 ዓ.ም. ለአንድ ባለ አምስት ፎቅ የእንግዳ ማረፊያ 64 መስኮትና የመግቢያውን የመስታወት ግድግዳ ለመሥራት በ6,400,000 ብር ተዋዋልኩ። ውሉ አራት ገጽ ነበር። ስለ ክፍያው፣ ስለ ጊዜው፣ ስለ መስታወቱ ውፍረት ሳይቀር ዝርዝር ብለን ጽፈናል። የመጨረሻው አንቀጽ ግን አንዲት መስመር ነበረች፤ «በዚህ ውል ምክንያት አለመግባባት ቢፈጠር ተዋዋዮች በሽምግልና ይፈቱታል» ትላለች። ከሌላ ውል ላይ የተገለበጠች መሆኗን አውቃለሁ። እኔም ባለሕንፃውም ሳናነባት ፈረምን ማለት ይቻላል።

ይህን የምጽፈው ያቺ መስመር ሥራችሁን አጠናቅቃችሁ ገንዘባችሁ ሲያዝ ምን እንደምታመጣ ስላየሁ ነው። በሙያዬ ያሉ ብዙ ሰዎች ዛሬም ይቺኑ መስመር ይዘው ይዋዋላሉ።

ጠባችን እንዲህ ነበር። 2,560,000 ብር ቅድሚያ ተከፈለኝ፤ መሐል ላይ ደግሞ 1,940,000 ብር። ሥራው ሲያልቅ ቀሪው 1,900,000 ብር ተያዘ። ባለሕንፃው ያነሷቸው ነገሮች ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ ዝናብ ሲመጣ መስኮቶቹ ያፈሳሉ። ሁለተኛ፣ 70 ቀን ዘግይተሃልና በውሉ መሠረት በየቀኑ የጠቅላላ ዋጋው አንድ ሺኛ፣ ማለትም 6,400 ብር፣ በድምሩ 448,000 ብር ቅጣት አለብህ። እኔ በበኩሌ ቀሪ ሒሳቤን ብቻ ሳይሆን በመሐል የአሉሚኒየም ዋጋ ስለናረ 700,000 ብር ማካካሻ ጠየቅኩ።

ስድስት ወር ያህል በስልክ ስንጨቃጨቅ ቆይተን ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። ጠበቃዋ ውሉን አነበበችና ከጥያቄዎቿ ሁሉ ይህን አስቀደመች፤ «ይቺ ሽምግልና የትኛዋ ናት?»

ጥያቄው አልገባኝም ነበር። ሽምግልና ሽምግልና ነው ብዬ ነበር የማውቀው። እሷ እንደነገረችኝ ግን በውሎቻችን ውስጥ ይህ ቃል ለሁለት ፈጽሞ ለማይገናኙ ነገሮች ይውላል። አንዱ ማስታረቅ ነው። ሸምጋዩ ሁለታችሁን ያነጋግራል፣ ያቀራርባል፣ ሐሳብ ያቀርባል፤ ካልተስማማችሁ ግን ምንም ሊወስንባችሁ አይችልም። ሌላው የግልግል ዳኝነት ነው። የመረጣችሁት ሰው ክስና መልስ ይቀበላል፣ ምስክርና ሰነድ ይሰማል፣ ከዚያ ይፈርዳል። ፍርዱን ወደዳችሁትም ጠላችሁትም ይፈጸማል። በድሮ ሰነዶች ላይ የግልግል ዳኛውን «የዘመድ ዳኛ» ሲሉት ታገኛላችሁ፤ አንዳንዱ ደግሞ «የሽምግልና ዳኛ» ይለዋል። ግራ መጋባቱም ከዚህ ይመጣል። አሁን ሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ገና ከስሙ «የግልግል ዳኝነት እና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት» ብሎ ሁለቱን ለይቷቸዋል፤ የውል ጸሐፊዎቻችን ልማድ ግን እዚያው የድሮው ቦታ ነው።

ታዲያ ልዩነቱ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ጠበቃዋ እንዲህ አስረዳችኝ። መስመሯ የግልግል ዳኝነት ማለት ነው ከተባለ ፍርድ ቤት ክስ ብመሠርት ባለሕንፃው ወደ ዋናው ክርክር ሳይገቡ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ያነሳሉ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንቀጽ 244 ጉዳዩ በግልግል የሚታይ ነው የሚለውን ከመቃወሚያዎቹ አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። መቃወሚያው ተቀባይነት ካገኘ ከፍርድ ቤት ተመልሼ እወጣለሁ። ዕርቅ ማለት ነው ከተባለ ደግሞ ሞክሬ ካልሆነልኝ ወደ ፍርድ ቤት ልሄድ እችላለሁ። የእኛ መስመር ከሁለቱ የትኛው እንደሆነች ግን አትናገርም። «የሚፈታው» ማን ነው? ይወስናል ወይስ ያስታርቃል? ስንት ሰው ነው? ማን ይመርጠዋል? ይህን ብቻ ለመከራከር ወራት ሊያልፉ እንደሚችሉ ነገረችኝ።

ስለዚህ ያደረግነው መጀመሪያ በዕርቅ መሞከር ነበር። ባለሕንፃው በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ራሴ ሄጄ «ጋሼ፣ ፍርድ ቤት ሳንደርስ አንድ ሁለታችንም የምናምነው ሰው ይየው» አልኳቸው። እሺ አሉ። አስታራቂ ያደረግነው በሕንፃ ግንባታ ረጅም ዓመት የሠሩ ኢንጂነር ናቸው፤ ለሁለታችንም ዘመድ አይደሉም፣ ከሁለታችንም ጋር ሥራ የላቸውም። ክፍያቸውን እኩል ተካፈልን። ከመጀመራችን በፊት አንድ ገጽ ስምምነት ፈረምን። ዋናው ቁም ነገሩ እዚህ የሚነገር ነገር፣ የሚቀርብ የገንዘብ ሐሳብም ጭምር፣ በኋላ በየትኛውም ዳኛ ፊት ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም የሚል ነበር። ያኔ እንደ ተራ ነገር አልፌው ነበር፤ ጥቅሙም ጉዳቱም የገባኝ ኋላ ነው።

ኢንጂነሩ በመጀመሪያው ቀን ሁለታችንንም አንድ ላይ አስቀምጠው አዳመጡን። ከዚያ ለየብቻ ጠሩን። ይህ ለየብቻ መነጋገር ከፍርድ ቤትም ከግልግልም የሚለየው ትልቁ ነገር ነው። የግልግል ዳኛ አንተ በሌለህበት ከተከራካሪህ ጋር ስለ ጉዳዩ ከተነጋገረ ውሳኔው ሊፈርስ ይችላል፤ አስታራቂ ግን ሥራውን የሚሠራው በዚያ ነው። እኔን ለብቻዬ ሲይዙኝ «የ700,000 ብሩን ነገር ተወውና፣ አሁን ሱቅህን የሚያስጨንቀው ምንድን ነው?» አሉኝ። የመስታወት አቅራቢዬ ዕዳ መሆኑን ነገርኳቸው። ይህን በባለሕንፃው ፊት በፍጹም አልናገረውም ነበር።

በሁለተኛው ቀን «ወረቀቱን አስቀምጡትና ሕንፃው ላይ እንገናኝ» አሉ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወጣን። አንድ ልጅ ከውጭ በኩል የውሃ ጎማ ይዞ መስኮቱን እንዲያጥበው አደረጉ፤ እኛ ከውስጥ ቆመን እናያለን። ለአምስት ደቂቃ ያህል ምንም የለም። ከዚያ የታችኛው ሀዲድ በውሃ ሞላና ወደ ክፍሉ ሞልቶ ፈሰሰ። ባለሕንፃው ዞር ብለው አዩኝ። ኢንጂነሩ ግን ተንበርክከው ሀዲዱን በጣታቸው ዳሰሱና ምስማር ጠየቁ። ተንሸራታች መስኮት ሲሠራ ከታችኛው ሀዲድ ውጫዊ ጎን ላይ ትናንሽ ቀዳዳ ይበሳል፤ ወደ ሀዲዱ የገባው ውሃ ወደ ውጭ የሚወጣው በእሱ ነው። ቀዳዳዎቹን በምስማሩ ሲነካኩ የሲሚንቶ ፍርፋሪ ወጣ። ልሳኞቹ መስኮቱ ከገባ በኋላ የውጩን ግድግዳ ሲለስኑ ደፍነውታል። ሦስተኛው ቀዳዳ እንደተከፈተ ውሃው ሲንቆረቆር ወደ ውጭ ወረደ፤ ክፍሉ ውስጥ መግባቱም ቆመ።

በዚያ ቀን 64ቱንም አየን። የሚያፈሱት ዘጠኝ ነበሩ። ስድስቱ በልስን የተደፈኑ ናቸው። ሦስቱ ግን የእኔ ጥፋት ነበሩ፤ ፍሬሙና ግድግዳው የሚገናኙበት ላይ ሠራተኞቼ ሲሊኮኑን አቋርጠውታል። አየሁት፣ አመንኩ። ሦስቱን በራሴ ወጪ፣ ስድስቱን ደግሞ የሠራተኛ አበል ብቻ ተቀብዬ ላስተካክል ተስማማሁ። ባለሕንፃውም የፍሳሹ ነገር ከተለየ በኋላ 1,900,000 ብሩን ሙሉ በሙሉ መያዛቸው እንደማያስኬድ ተቀበሉ። 1,100,000 ብር በሁለት ጊዜ ሊከፍሉኝ ተጻፈ፤ ፈረምን፣ ኢንጂነሩም ፈረሙ። እንዲህ ያለ የዕርቅ ስምምነት ተራ ወረቀት እንዳይመስላችሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3312 በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጥረዋል። ለዚህ ነው መጠኑ፣ ቀኑና የአከፋፈሉ መንገድ ያለ ጥርጥር መጻፍ ያለበት። «በተቻለ ፍጥነት ይከፈላል» ብሎ የተስማማ ሰው በእጁ የያዘው ነገር የለም።

ከዚያ የቀሩት 800,000 ብር፣ የመዘግየቱ ቅጣትና የእኔ የዋጋ ማካካሻ ናቸው። በሦስተኛው ቀን እነሱ ላይ ተቀመጥን። ወደ ማታ ላይ ኢንጂነሩ ለብቻዬ ጠሩኝና የባለሕንፃውን ሐሳብ ነገሩኝ፤ ቅጣቱን ይተዋሉ፣ 800,000ውን ይከፍላሉ፣ በዋጋው መናር ደግሞ 300,000 ብር ይጨምራሉ። በጠቅላላ 1,100,000 ብር መሆኑ ነው። እኔ ግን የመስኮቱ ነገር በኔ በኩል ስለተፈታ ልቤ ሞልቶ ነበር። «700,000 ካልሆነ አይሆንም» አልኩ። ኢንጂነሩ «ውልህን ደግመህ አንብበው፣ ልጄ» ብለውኝ ነበር። ከዚህ በላይ ሊሉኝ አይችሉም፤ ሥራቸው መፍረድ አይደለም። ዕርቁ በዚያ ነጥብ ላይ ቆመ።

ለቀረው ጉዳይ ወደ ግልግል ዳኝነት ሄድን። አሁን ግን ያቺን አሻሚ መስመር ትተን አዲስ የግልግል ስምምነት ጻፍን። አንድ ዳኛ፣ አዲስ አበባ፣ በአማርኛ፣ የሚወሰኑት ጭብጦች ሁለቱ ብቻ። ዳኛው አንድ ይሁን ያልነው በወጪ ምክንያት ነው። ቁጥሩን ሳትጽፉ ከቀራችሁ ሕጉ ሦስት ያደርገዋል፤ የሦስት ሰው ክፍያና የሦስት ሰው ቀጠሮ ማስማማት ደግሞ ለ800,000 ብር ጠብ አያዋጣም። ባለሕንፃው ጊዜ ለመቆጠብ ኢንጂነሩን እራሳቸውን ዳኛ እናድርጋቸው ብለው ነበር። ጠበቃዬ በፍጹም አለች። ስለ ዕዳዬ ለብቻዬ የነገርኳቸውን ሰው፣ ባለሕንፃው እስከ ስንት እንደሚሄዱ የሚያውቁትን ሰው ፈራጅ ማድረግ ለሁለታችንም አደጋ ነው። የውል ጉዳይ የሚያውቁ አንድ የሕግ ባለሙያ መረጥን። ክፍያቸው 180,000 ብር ሆኖ ግማሽ ግማሹን ቀድመን ከፈልን። ፍርድ ቤት ለዳኛ ደመወዝ አትከፍልም፤ እዚህ ግን ዳኛውንም፣ የስብሰባ ቦታውንም ትከፍላለህ።

ሒደቱ ከፍርድ ቤት ብዙም አይለይም። የክስ ማመልከቻ፣ የመከላከያ መልስ፣ የሰነድ ዝርዝር፣ ምስክር። የሚለየው ቀጠሮው በሳምንታት ውስጥ መሆኑ፣ ጋዜጠኛም ሌላ ደንበኛም የማይሰማው መሆኑና ዳኛውን ራሳችሁ መምረጣችሁ ነው። ከአራት ወር ትንሽ በለጠ። ዕርቁ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀን 19 ቀን ነበር የፈጀው።

በዋጋው ማካካሻ ላይ ስንከራከር በባለሕንፃው ጠበቃ ንግግር በጣም ተናደድኩና «300,000 ሊሰጡኝ ተስማምተው የለም እንዴ!» ልል አፌን ስከፍት ጠበቃዬ ክንዴን ያዘችኝ። በዕርቁ ላይ የተባለ ነገር እዚህ አይነገርም። ያቺ አንድ ገጽ ስምምነት ትርጉሟ ያኔ ገባኝ። ባለሕንፃው 300,000 ለማለት የደፈሩት በኋላ እንደማይነሳባቸው ስላወቁ ነው፤ እኔም ሦስቱን መስኮት «የእኔ ጥፋት ነው» ያልኩት በዚያው ምክንያት ነው።

ውሳኔው እንዲህ ነበር። ውላችን «ዋጋው እስከ ሥራው ፍጻሜ አይለወጥም» ይላል። ዳኛው ይህን አንብበው የዋጋ ማካካሻ ጥያቄዬን ሙሉ በሙሉ ውድቅ አደረጉት። ርኅራኄ ማጣት አይደለም፤ የግልግል ዳኛ የተጻፈውን ውል የመከተል ግዴታ አለበት። አስታራቂ ግን «ዋጋው ናረ፣ ልጁ ተጎዳ፣ ትንሽ ደግፉት» ማለት ይችላል። በቅጣቱ ላይ ያዳነኝ አንድ ደብዳቤ ነው። ግንበኞቹ የመስኮቱን ክፍት ቦታ በጊዜ ስላላስረከቡን 41 ቀን እንደቆምን ያኔውኑ ጽፌ፣ በባለሕንፃው ቢሮ ማኅተም አስመትቼ ተቀብዬ ነበር። ከ70 ቀኑ 41ዱ ተቀነሰ፤ በቀረው 29 ቀን 185,600 ብር ቅጣት ተጣለብኝ። ከ800,000 ላይ ሲቀነስ 614,400 ብር ተፈረደልኝ። በዕርቁ ጠረጴዛ ላይ የተውኩት 1,100,000 ብር ነበር። ለዳኛው የከፈልኩትን 90,000 ብር ስጨምርበት 575,600 ብር ከስሬያለሁ፤ የጠበቃ ክፍያ ሳይቆጠር።

ስለዚህ የቱ ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ በጠባችሁ ዓይነት ይለያያል። ጠቡ በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ ነገር ላይ ከሆነ፣ ወይም ገና አብራችሁ የምትሠሩ ከሆነ፣ ወይም እንደኔ ውሉ ባይረዳችሁም የሰው ልብ ሊረዳችሁ የሚችል ጥያቄ ካላችሁ በዕርቁ በርቱ። ወረቀታችሁ ጠንካራ ከሆነ፣ ወይም ያኛው ወገን ጊዜ ለመግዛት ብቻ የሚቀመጥ ከሆነ ግልግል ይሻላል። ይህን የምታውቁት በቀላሉ ነው። እኔ ጋ ባለሕንፃው በሁለተኛው ቀን ሕንፃው ላይ ራሳቸው ተገኙ። በሌላ ጊዜ ያጋጠመኝ ደንበኛ ግን ለዕርቅ የሚልከው ወኪል በየቀጠሮው ይለዋወጥ ነበር፤ አንዱም የመወሰን ሥልጣን አልነበረውም። እንዲህ ያለውን ሁለት ቀጠሮ ካያችሁ በኋላ ወደ ዳኝነት ሂዱ።

የግልግል ፍርድ ማግኘት ደግሞ ገንዘብ ማግኘት ማለት አይደለም። ዳኛው የማንንም የባንክ ሒሳብ አያግድም። ባለሕንፃው ዝም ካሉ ፍርዱን ይዤ ፍርድ ቤት የአፈጻጸም ማመልከቻ አቀርባለሁ፤ እንደ ፍርድ ቤት ፍርድ ይፈጸማል። እኔ ማመልከቻውን አዘጋጅቼ ሳላስገባ ከፈሉኝ። ይግባኝን በተመለከተ በአዋጁ መሠረት በስምምነታችሁ ካልፈቀዳችሁ በቀር የግልግል ፍርድ ይግባኝ አይባልበትም። መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ካለ ግን በተቃራኒው ካልተስማማችሁ በቀር የሰበር በር ክፍት ነው። የመጨረሻ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ሁለቱንም በግልጽ ጻፉት፤ ስትጽፉት ግን ተሳስቶ ቢፈርድባችሁም መውጫችሁ በጣም ጠባብ እንደሚሆን አስባችሁ ይሁን።

ሁሉም ጠብ ለግልግል ዳኛ አይቀርብም። የመሬትና የሊዝ ጉዳይ፣ የግብር ጉዳይ፣ የኪሳራ ፍርድ ከዚያ ውጭ ናቸው። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የተዋዋላችሁ ደግሞ ሕግ የሚፈቅድ መሆኑን ሳታረጋግጡ የግልግል አንቀጽ አለን ብላችሁ አትተማመኑ። ጉዳያችሁ ቀድሞ ፌዴራል ፍርድ ቤት ከገባም ዕርቅ አልዘገየባችሁም፤ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 ፍርድ ቤት መር አስማሚነት የሚባል አሠራር አለ።

አሁን በየውሌ የማስገባው አንቀጽ ይህ ነው፤ ከጠበቃዬ ጋር ያወጣነው ስለሆነ ለራሳችሁ ጠበቃ አሳይታችሁ ተጠቀሙበት።

«ከዚህ ውል ጋር የተያያዘ አለመግባባት ቢፈጠር ተዋዋዮች መጀመሪያ በጋራ በመረጡት አንድ አስታራቂ ፊት ለመስማማት ይሞክራሉ። አንዱ ወገን በጽሑፍ ከጠየቀበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ካልተስማሙ ጉዳዩ በአንድ የግልግል ዳኛ በመጨረሻ ይወሰናል። አስታራቂው የግልግል ዳኛ ሊሆን አይችልም። የግልግሉ ቦታ አዲስ አበባ፣ ቋንቋው አማርኛ ይሆናል። የዳኛው ክፍያ በቅድሚያ በእኩል ይከፈላል።»

የ30 ቀኗን አትተዋት። እሷ ከሌለች ዕርቁ መቼ እንዳበቃ አይታወቅምና ያኛው ወገን «ገና እየተነጋገርን ነው» እያለ ግልግሉን ሊያዘገይባችሁ ይችላል። በዳኛው ስም ላይ ካልተስማማችሁ ደግሞ ፍርድ ቤት እንዲሾም መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ያ ራሱ ጊዜ ስለሚወስድ የሚሾመውን ተቋም ስም ከመጀመሪያው በአንቀጹ ላይ መጻፍ ይሻላል። የአዲስ አበባ ንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት የራሱ የግልግል ተቋም አለው። እኔ ውል ከመፈረሜ በፊት ደንቡንና የክፍያ ሰንጠረዡን አስቀድሜ እጠይቃለሁ፤ ለትንሽ ውል የሚከብድ ከሆነ የተቋሙን ስም ትቼ ሁለታችንም የምናምነውን ሰው ስም እዚያው ውሉ ላይ እናሰፍራለን፣ ሰውየውም መስማማቱን በፊርማው ያረጋግጣል።